የ6 ዓመት ጓደኛዬን ወደድኳት። ልንገራት ወይስ ልዋጠው?

ሳልነግራት

ሰላም ሁላችሁም። ሁልጊዜ የሌላውን ሰው ጉድ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ተራው የኔ ሆነ።

እኔ 28፣ እሷ 27። ጓደኛሞች ከሆንን 6 ዓመት አለፈን። አራት ሆነን አንድ ግሩፕ አለን፤ ከአራቱ ግን በጣም የምንቀራረበው እኔና እሷ ነን። ሰው ሲጠይቀኝ «እንደ እህቴ ናት» እል ነበር። ከልቤም ነበር።

መቼ እንደተለወጠ በደንብ አውቃለሁ። እሷ ቦርሳ መያዝ አትወድም። አብረን ስንወጣ ቁልፏን የኔ ቦርሳ ውስጥ ትጥላለች። ከ8 ወር በፊት አንድ ቀን ቁልፏን ሳትወስድ ሄደች። ቤት ገብቼ ሳየው «ይቺ ዝንጉ!» ብዬ መበሳጨት ሲገባኝ ደስ አለኝ። ልትወስደው ትመጣለች ብዬ። መስታወት ፊት ቆሜ ሸሚዝ ስቀይር ራሴን ያዝኩት። ለሷ ብዬ ሸሚዝ ቀይሬ አላውቅማ!

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ከ5 ወር በፊት ከፍቅረኛዋ ጋር ተለያየች። ማታ ማታ እየደወለች ስለ እሱ ታወራኛለች። እኔ «አይዞሽ» እላለሁ፤ ሆዴ ግን ደስ ይለዋል። ራሴን ያስጠላኝ ይሄ ነው። ጓደኛ ነኝ ወይስ ወረፋ የያዝኩ ሰው?

ሦስት ገጽ የሚሆን መልእክት ጽፌ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ። አልላክኩትም። ልንገራት ወይ? ከነገርኳትስ፣ እሺም አለች እምቢ፣ ጓደኝነቱ እንዳይበላሽ ምን ላድርግ?

ቆፍጣና

አቦ ንገራት! ዛሬ ማታ! 8 ወር ሙሉ ምን ትጠብቃለህ? አንተ ሸሚዝ ስትቀያይር ሌላው ቀድሞ ይጠይቃታል።

ደግሞ በ2021 የወጣ ጥናት አለ። ጥንዶችን ጠይቀው 68 በመቶዎቹ በጓደኝነት ነው የጀመርነው ብለዋል። ስለዚህ ዕድልህ 68 በመቶ ነው። አበባ ይዘህ ሂድ፤ ሦስት ገጹንም ፊቷ አንብብላት። ሴት ልጅ የተለፋበት ነገር ደስ ይላታል።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ጓደኛህ ደፍራ እንደወደደችህ ከነገረችህ ትልቅ ነገር ነው ያደረገችው። አታሸማቅቃት። የማትፈልጋት ከሆነም በአጭሩ ንገራት። «አሁን ጊዜው አይደለም» እያልክ አታንጠልጥላት።

ሳልነግራት

ጋሼ፣ ተገላቢጦሽ ነው። የወደድኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ገና ምንም አታውቅም።

ጡረተኛው

መነጽሬን ሳላደርግ ነው ያነበብኩት፤ ይቅርታ። ያልኩት ግን ለእሷም ይሆናል። እሷን ማን ይነግርልኛል?

የማታ_አድማጭ

ጥንዶችን በማማከር ሥራ ላይ 11 ዓመት ሆኖኛል። ይሄን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

መጀመሪያ የቆፍጣናን ቁጥር ላስተካክል። ጥናቱ አለ፤ ቁጥሩም ልክ ነው። የተቆጠረው ግን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ፍቅረኛ ያላቸውን ወይም የነበራቸውን ሰዎች ነው «ስትጀምሩ ጓደኛሞች ነበራችሁ ወይ?» ብለው የጠየቁት። ለጓደኛው ነግሮ እምቢ የተባለው ሰው እዚያ ቆጠራ ውስጥ የለም። ሎተሪ የወጣላቸውን ሰብስቦ «ቲኬት ገዝታችሁ ነበር?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ሁሉም አዎ ይላሉ። ቲኬት የገዛ ሁሉ ይወጣለታል ማለት ግን አይደለም።

ወደ አንተ ልምጣ። ልንገራት ወይስ አልንገራት ከማለትህ በፊት አንድ ነገር አስብ። ነገ ማታ ደውላ «አንድ ሰው ተዋወቅኩ፣ ደስ ብሎኛል» ብትልህ፣ ግማሽ ሰዓት እንደ ጓደኛ ልታዳምጣት ትችላለህ? ከቻልክ አትቸኩል፤ ስሜቱ ምን እንደሆነ የማየት ጊዜ አለህ። ካልቻልክ ግን ዝምታህ ጓደኝነቱን እየጠበቀው አይደለም። ነገሩ ተለውጧል፤ ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት። እሷ ለጓደኛዬ ነው የማወራው ብላ ሆዷን ትከፍትልሃለች፤ የሚሰማት ሰው ግን ጉዳይ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ወይ ትነግራታለህ፣ ወይ ከማታው ስልክ ራስህን ታወጣለህ። ሁለቱንም ሳታደርግ መቀጠል ነው የሚጎዳት።

ሦስት ገጹን አትላክ። አንተ በዚህ ነገር 8 ወር ተጉዘሃል፤ እሷ ገና ዛሬ ልትጀምር ነው። ሦስት ገጽ ብቻዋን ስታነብ ያለፈውን እያንዳንዱን ቀን እየመለሰች ትመረምራለች። «ያኔ ሲያግዘኝ ለዚህ ነበር? ያኔ ሲስቅስ?» «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» የሚል ቃል ካለበት ደግሞ አደራህን አውጣው። እውነት አይደለማ! 8 ወር ነው። 6 ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ እንደነበር ከመሰላት፣ የሚበላሸው የነገው ጓደኝነት ብቻ አይደለም፤ ያለፈውም አብሮ ይበላሽባታል።

በአካል ንገራት። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አይደለም፤ ጎን ለጎን እየተራመዳችሁ ይቀላል። ዓይንህን እያየች መልስ የመፈለግ ጭንቀት አይኖርባትም። የሚያልቅበት ቦታ ያለው መንገድ ይሁን። እሷ ቤት አይሁን፣ መኪና ውስጥም አይሁን፤ መሄድ ስትፈልግ መሄድ መቻል አለባት። ከሦስት ቀን በፊት «የማናግርሽ ነገር አለ» ብለህ አታስጨንቃት። ፈተና ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ ያለባትን ሳምንት፣ ስለ ድሮ ፍቅረኛዋ ያለቀሰችበትን ቀንም ዝለል።

ቃሉ አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ትንሽ ይከብደኛል። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ከጓደኝነት ያለፈ ስሜት አድሮብኛል። የምነግርሽ እንደ ድሮው ሆኜ ማዳመጥ ስላቃተኝ ነው። አንቺ ጋ ከሌለ በቀጥታ በይኝ፤ አልቀየምሽም። ጥቂት ሳምንት ትንሽ ልርቅ እችላለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በል። «ምንም አይለወጥም» የሚል የለበትም። ይለወጣል። የማትጠብቀውን ቃል አትግባላት።

ቆፍጣና

እሺ የሎተሪዋን ተቀበልኩ። ግን ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ፍቅር ነው ወይስ የውል ስምምነት? አበባውስ?

የማታ_አድማጭ

አትዘግይ ያልከው ላይ ግማሹ ልክ ነህ። አበባው ግን እምቢ ማለትን ያከብድባታል። አበባ በእጇ ይዛ እንዴት ብላ ነው «አይ» የምትለው?

ፀደይ

እኔ በሌላኛው ወገን ስለነበርኩ ልናገር። ሁሉም ሰው ስለሚናገረው ሰው ነው የሚያዝነው፤ ስለሚሰማው ሰው ማንም አያስብም።

የ4 ዓመት ጓደኛዬ እንደወደደኝ ነገረኝ። እኔ ጋ ምንም አልነበረም። ግን ፊቱን ሳየው አሳዘነኝ። «አሁን ለግንኙነት ዝግጁ አይደለሁም» አልኩት። እኔ እምቢ ያልኩ መስሎኝ ነበር። እሱ የሰማው «ቆይ» የሚል ነው። 7 ወር ጠበቀኝ! እየጠበቀ የሚያደርግልኝን ነገር እኔ የጓደኝነት እየመሰለኝ እቀበል ነበር። ከሌላ ሰው ጋር ስጀምር «ዝግጁ አይደለሁም አላልሽም?» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆንን።

ከነገረኝ በኋላ የነበረውን 7 ወርም ልንገራችሁ። አንድ ተራ መልእክት ለመላክ አሥር ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። የሳቅ ምልክት አደርግና አጠፋዋለሁ፤ ተስፋ የሰጠሁት እንዳይመስለው። በቀልዱ መሳቅ ተውኩ። ያ ሰው እኮ በጣም የሚያስቀኝ ሰው ነበር። ፍቅረኛ አላጣሁም፤ ያጣሁት ስልክ የምደውልለትን ሰው ነው። እናም ተናድጄ ነበር። ማን ጠየቀኝ? ይሄን ሸክም እኔ ላይ አምጥቶ ሲጥለው እኔ ምን አድርጌ ነው?

ስለዚህ ወንድሜ፣ ብትነግራት ንገራት። ግን ለእምቢታው በር ክፈትላት። ያኔ «አይ በይኝ፣ ችግር የለም» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እል ነበር።

የማታ_አድማጭ

ፀደይ ያለችው በደንብ ተጠንቷል። በ1993 ባውማይስተር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ መልስ ስላላገኘ ፍቅር የሁለቱንም ወገን ታሪክ ሰብስቦ ነበር። አፍቃሪው «ምልክት ሰጥታኛለች» ይላል። እምቢ ያለው ሰው ደግሞ «ምንም ተስፋ አልሰጠሁም» ይላል። ሁለቱም አይዋሹም። እምቢ ባይ ከባድ የጥፋተኝነት ስሜት ስላለበት ቃሉን ያለሰልሰዋል። የለሰለሰ እምቢታ ደግሞ አፍቃሪው ጆሮ ውስጥ ሲገባ እሺ ይመስላል።

ሳልነግራት፣ አሁኑኑ ይሄን ያዝ። «ዝግጁ አይደለሁም» እምቢ ነው። «ጓደኝነታችንን ማጣት አልፈልግም» እምቢ ነው። «ልቤ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለህ» ደግሞ ከሁሉም የባሰ እምቢ ነው። የምትፈልግህ ከሆነች ቢያንስ አንድ ጥያቄ ትጠይቅሃለች፣ ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ራሷ ታነሳዋለች።

ቆፍጣና

እዚህ ጋ ግን አልስማማም! እኔ ሚስቴን ሦስት ጊዜ ነው የጠየቅኳት። ሁለቴ «ዝግጁ አይደለሁም» ብላኛለች። አሁን ሁለት ልጅ አለን።

ፀደይ

ሚስትህ ከዚያ በፊት የቅርብ ጓደኛህ ነበረች?

ቆፍጣና

አይ፣ ሥራ ቦታ ነው የተዋወቅነው። ሁለት ወር ቢሆነን ነው።

ፀደይ

አየህ። አንተ የምታጣው ነገር አልነበረህም።

ደንዳና

እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። አትንገራት። ይሄ ነገር ያልፋል። እኔም እንዳንተ ከንፌ ነበር። አልተናገርኩም። ቀስ እያልኩ ራቅሁ። ስልክ ቀነስኩ፣ ብቻችንን መገናኘት ተውኩ። አንድ ዓመት ከምናምን ፈጀብኝ፤ ግን ወጣልኝ። ሰርጓ ላይ ጨፍሬያለሁ። እስከ ዛሬ አታውቅም። ማን ተጎዳ?

የማታ_አድማጭ

ይሄም መንገድ ነው፤ አልቃወምም። በተለይ እሷ ፍቅረኛ ካላት፣ ወይም መልሱ እምቢ እንደሆነ ካወቅክ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ስትርቅ ለምን ብላ አልጠየቀችህም?

ደንዳና

ጠይቃኛለች። ሥራ በዛብኝ አልኳት። አንድ ጊዜ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ያንኑ አልኳት። ከዚያ አልጠየቀችም።

ፀደይ

ምን አድርጌው ይሆን ብላ ስንት ሌሊት አስባ ይሆናል?

ደንዳና

እንጃ። እሱን አስቤው አላውቅም። ግን አሁንም ብነግራት ኖሮ ይሻል ነበር አልልም።

ሁለተኛ_ዙር

ሁላችሁም ስለ እምቢታ ነው የምታወሩት። እሺ ብትልስ? እኔ የ4 ዓመት ጓደኛዬን ራሴ ጠየቅኩት፤ ወዲያው እሺ አለኝ። ጓደኝነታችንን ያጣነው በዚያ እሺታ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በጣም እንተዋወቅ ስለነበር መጀመሪያውን ዘለልነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥር ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች መሰልን። ስንጣላ ደግሞ ስለ እሱ የማማርርለት ሰው አጣሁ። ድሮ ስለ ሰው ሁሉ የማማርረው ለእሱ ነበራ! ለሌሎቹ ጓደኞቻችን ደግሞ አልነገርንም፤ «እስኪረጋ» ብለን። በሦስተኛው ወር ራሳቸው አወቁ። አንዷ እስከ ዛሬ «ሞኝ አድርጋችሁናል» ትላለች። በ14ኛው ወር ስንለያይ ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ልደት ሲኖር «እሱን ነው ወይስ እሷን የምንጠራው?» ይባል ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። አሁን እናወራለን፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

እንደገና ብጀምር ሁለት ነገር አደርጋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ለግሩፑ አብረን ሆነን በሦስት ዓረፍተ ነገር እንነግራቸዋለን፤ ወገን እንዳትይዙ ብለን። ሌላው ደግሞ ገና ሳንጀምር «ካልሆነልን ማን ነው መጀመሪያ የሚደውለው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ያኔ ብጠይቀው ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ።

ፀደይ

አንድ ነገር ልጨምር። «ጊዜ ወስደሽ አስቢበት» አትበላት። ለኔ ተብዬ ነበር፤ የቤት ሥራ ሆነብኝ። መልሱን እያወቅኩት ሁለት ሳምንት አልተኛሁም።

የማታ_አድማጭ

እዚህ ላይ በከፊል እለይሻለሁ። ያልጠበቀ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው መልስ ድንጋጤ እንጂ መልስ ላይሆን ይችላል። ደንግጠው «አይ» ብለው በወሩ የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ ብሆን «ዛሬ መልስ የለብሽም» እላለሁ፤ ግን ደግሜ አላነሳውም።

ፀደይ

«ዛሬ የለብሽም» ማለት እኮ ነገ አለብሽ ማለት ነው።

የማታ_አድማጭ

ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። ሰው ይለያያል።

ሳልነግራት (ከ16 ቀን በኋላ)

ነገርኳት።

የሰጣችሁኝን ቃል ሸምድጄ ነበር፤ ግማሹን ረሳሁት። አራታችን አብረን ቆይተን ስንለያይ እኔና እሷ በእግራችን ሄድን። ቤቷ ለመድረስ 15 ደቂቃ ያህል ሲቀረን ጀመርኩ። «ከጓደኝነት ያለፈ ስሜት» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። እንደምንም ጨረስኩት። «ከሌለሽ በቀጥታ በይኝ» ያልኳት ትዝ ይለኛል።

ሃያ እርምጃ ያህል ዝም አለች። እየቆጠርኩ ነበር፤ ምን ላድርግ። ከዚያ «ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ። የቁልፉን ቀን ነገርኳት። ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። ቀጥላ የጠየቀችኝን ግን አልተዘጋጀሁበትም ነበር። «ስለ እሱ ሳወራህስ?»

የማታ አድማጭ፣ ያልሽው ጆሮዬ ላይ ነበር። «አንዳንዴ ደስ ይለኝ ነበር። ይቅርታ» አልኳት።

እንደወደድኳት ስነግራት ያልተለወጠ ፊቷ እዚያ ላይ ተለወጠ። «እኔ እኮ ለማንም ያላልኩትን ነው የነገርኩህ» አለች። በር ላይ ስንደርስ «እንደዛ አይቼህ አላውቅም። ግን አንተን ማጣት አልፈልግም» አለችኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቢሆን የመጨረሻዋን ቃል ይዤ ቤት እገባ ነበር። አሁን የመጀመሪያዋን ሰማሁ። «እሺ፣ ገባኝ» አልኳት። ለሦስት ሳምንት የማታ ስልክ እንደሌለ፣ ከግሩፑ ጋር ግን እንደምንገናኝ ተስማማን። ቁልፏን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት።

ቤት ገብቼ ሦስት ገጹን አጠፋሁት። ከዚያ አለቀስኩ። ይሄው ነው።

ቆፍጣና

አይዞህ ወንድሜ። እኔ እንዲህ ብዬ መናገር አልችልም ነበር።

የማታ_አድማጭ

ስለ እሱ ስትጠይቅህ አለመዋሸትህ ትልቅ ነገር ነው። ብትዋሽ ወደፊት የምትነግራትን ሁሉ ትጠራጠራለች። አሁን ያመማት ግን ፍቅርህ ሳይሆን ያ ነው። ለእሱ አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠይቀሃል፤ እየደጋገምክ አትጠይቃት። ስትደጋግመው እሷ አንተን ወደማጽናናት ትገባለች።

ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ መጀመሪያ መልእክት የምትልከው አንተ ነህ። እሷ ከላከች ተስፋ የሰጠችህ እንዳይመስል ትፈራለች፤ ፀደይ የነገረችህን አስታውስ። ተራ ነገር ላክ። «እንዴት ነሽ? ናፈቅሽኝ» አይደለም። መልስ ባትሰጥም የማያሳፍራት ነገር ይሁን። በጓደኞቻችሁ በኩልም ስለ እሷ አትጠይቅ።

ሳልነግራት

ለአንደኛዋ ጓደኛችን እሷ ነግራታለች። ትንሽ ቅር አለኝ።

ፀደይ

አይበልህ። ድሮ እንዲህ ሲጨንቃት የምትደውለው ላንተ ነበር። አሁን ለማን ትናገር?

ሳልነግራት (ከ6 ሳምንት በኋላ)

ብዙዎቻችሁ በውስጥ ስለጠየቃችሁኝ ነው።

ሦስቱ ሳምንት ባለቀ በማግስቱ መንገድ ላይ የተለጠፈ የፊደል ስህተት ያለበት ማስታወቂያ ፎቶ አንስቼ ላክኩላት። ድሮ እንደዚህ ዓይነት እንለዋወጥ ነበር። ከአራት ሰዓት በኋላ መለሰች፤ ስህተቱን አርማ፣ እሷም ሌላ ስህተት ጨምራበት። ብቻዬን ሳቅሁ። ደግሜ ግን አልላክኩም። በሳምንቱ እሷ አንድ ላከች።

ባለፈው ቅዳሜ አራታችን ተገናኘን። ደህና ነበር። ሁለት ጊዜ በቀልዴ ስቃለች። ማታ የምትደውለው አሁን ለሌላዋ ጓደኛችን እንደሆነ ከወሬያቸው ገባኝ። አመመኝ። ግን ያ ስልክ በመጨረሻዎቹ ወራት የኔ አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ቁልፏን ሙሉ ማታ በእጇ ይዛው ነበር የዋለችው። ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ታነሳዋለች፣ እንደገና ትይዘዋለች። ቦርሳዬ አጠገቧ ወንበር ላይ ነበር። «ጣይው እንጂ» ልላት አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ብላት ይሻል ነበር?

ቆፍጣና

በላት! ምን ችግር አለው? ቁልፍ እኮ ነው።

ፀደይ

አትበላት። ቁልፉን ስትይዘው ላንተ እያሰበች ነው። ሲቀላት ራሷ ትጥለዋለች፤ ካልቀላትም ትይዘዋለች።

የማታ_አድማጭ

እኔም ወደ ፀደይ አደላለሁ። ግን ለሚቀጥለው ጊዜ ቦርሳውን ከአጠገቧ አታርቀው፤ አታቅርበውም። ድሮ የምታስቀምጥበት ቦታ አስቀምጠው።

ጡረተኛው

መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ልጅቷ ቁርጡን ነግራሃለች፤ ሳታንጠለጥልህ። ምክሬ ሳይደርሳት ነው ያደረገችው። ኪስ ያለው ልብስ ግን ለምን አትገዛም?

ሳልነግራት

ጋሼ፣ 6 ዓመት ሙሉ ስጠይቃት የኖርኩት ይሄንኑ ነው።